ሁለት አያቶች፣ አንድ ክርስትና፦ ባልና ሚስት ለቤተሰቦቻቸው አንድ መልስ የሚሰጡበት አሠራር

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ውስጥ የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ከባል ወገንም ከሚስት ወገንም ጥያቄው የሚጀምረው እናቲቱ ከአራስ አልጋ ሳትነሣ ነው። ክርስትናው የት ይነሣል፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ማን ይሆናል፣ ስንት ሰው ይጠራል፣ ወጪውን ማን ይችላል የሚሉት ጥያቄዎች በመጀመሪያ እንደ ምክር ይቀርባሉ፤ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ግን ተወስነው ያለቁ ጉዳዮች ሆነው ይነገራሉ። ይህ መመሪያ ባልና ሚስት እንዲህ ያለውን ጉዳይ ራሳቸው ወስነው፣ ውሳኔያቸውን በአንድ ቃል ለሁለቱም ቤተሰብ የሚያሳውቁበትንና የአንዳቸውም ወገን ጥፋተኛ ሳይባል የሚያልፉበትን አሠራር ያሳያል። ክርስትናን ለምሳሌነት የመረጥኩት ቀኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ ለመመካከር በቂ ጊዜ አለ፤ ቀኑን የወሰነችው ቤተ ክርስቲያን በመሆኗም ቢያንስ በእርሱ ላይ ክርክር አይነሣም።

አካሄዱ በግልጽ እንዲታይ አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ባልና ሚስቱ በአዲስ አበባ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው እንበል፤ ሴት ልጅ ወልደዋል። የባል እናት የሚኖሩት በደብረ ማርቆስ ሲሆን ክርስትናው በእርሳቸው ቤት እንዲነሣ፣ 150 ሰው እንዲጠራና እህታቸው የክርስትና እናት እንድትሆን ይፈልጋሉ። የሚስት እናት ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ ሰፊ ግቢ አላቸው፤ ድንኳኑ በግቢያቸው ተጥሎ 100 ሰው እንዲጋበዝና የማኅበር ጓደኛቸው የክርስትና እናት እንዲሆኑ ይሻሉ። ባልና ሚስቱ በበኩላቸው ያሰቡት 60 ሰው የሚታደምበት መጠነኛ ዝግጅት ነው። ሚስት በግል ድርጅት የምትሠራ በመሆኗ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ 90 ተከታታይ ቀን ነው፤ ስለዚህ ክርስትናው ከተነሣ ከ10 ቀን በኋላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

1. ለብቻ የሚሰጥ መልስ እንዳይኖር ማድረግ

አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ከውሳኔው ሳይሆን ከመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ነው። እናት ደውለው «ክርስትናው እዚህ ነው፤ ድንኳኑን ለእድሩ ተናግሬያለሁ» ሲሉ ልጅ እንዳያስቀይማቸው «እሺ እማዬ» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ይህ «እሺ» ለልጁ ስልኩን በሰላም መዝጊያ ብቻ ነው፤ ለእናት ግን ቃል ነው፤ በማግሥቱ ለጎረቤት ይነገራል። ከሳምንት በኋላ ውሳኔው ሌላ ሆኖ ሲገኝ እናት የሚደርሱበት መደምደሚያ ልጃቸው ሐሳቡን ሊለውጥ የቻለው በሚስቱ ግፊት ነው የሚል ይሆናል። በመሆኑም ልጁ ራሱ ሳያስበው ሚስቱን ተከሳሽ አድርጓታል ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለታችሁም የምትሉት አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙበት። ለምሳሌ «እማዬ፣ የነገርሽኝን በደንብ ሰምቻለሁ፤ ተመካክረን እስከ እሑድ እንነግርሻለን» ማለት ይቻላል። እናቱን በአንቱታ የሚጠራ ሰው «እንነግርዎታለን» ይላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ነገሮች ሊጎድሉ አይገባም፤ የተባለው መሰማቱ፣ መልሱ የሁለቱ መሆኑ፣ መልሱ የሚሰጥበት ቀን መቆረጡ። ቀን ያልተቆረጠለት «እናያለን» በብዙ ቤት እምቢታ ወይም እሺታ ሆኖ እንደ ሰሚው ፍላጎት ይተረጎማል።

«ባለቤቴን ልጠይቅና» ከሚለው መልስ ግን ተጠንቀቁ። ጨዋነት ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ መልሱ «አይሆንም» ከሆነ «አይሆንም» ያለችው ሚስት ወይም ያለው ባል እንደሆነ ለቤተሰቡ አስቀድሞ ተነግሯል። «ተመካክረን» የሚለው ቃል ሁለቱንም በአንድ ጎን ያቆማል፤ «ልጠይቅ» የሚለው ግን አንዱን ጠያቂ፣ ሌላውን ከልካይ ያደርጋል።

2. ሁለት ሆኖ መቀመጥ

ይህ ቀላል ቢመስልም በአራስ ቤት ውስጥ አስቸጋሪ ነው። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ የሚስት እናት ሊያርሷት ገብተው ሌሊትም ቀንም እዚያው ናቸው፤ ገንፎና አጥሚት የሚያቀርቡት፣ ሕፃኗን የሚያጥቡት እርሳቸው ናቸው። የባል እናት ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ስለሚገኙ ነገሩን የሚሰሙት በስልክ ነው። በመሆኑም ባልና ሚስት ሳሎን ተቀምጠው የሚያደርጉት ምክክር ሁሉ ለአንደኛው ቤተሰብ የተከፈተ፣ ለሌላው የተዘጋ ይሆናል፤ ይህን አለመመጣጠን ሩቅ ያለው ወገን ሳይነገረውም ያውቀዋል። ሕፃኗ ስትተኛ ለግማሽ ሰዓት ወደ ግቢ ወርዳችሁ ተነጋገሩ። አራሷ ለመውረድ አቅም ካላገኘች እናቷ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን ሰዓት ጠብቁ።

በዚህ ንግግር የመጀመሪያው ሥራ መወሰን አይደለም። ባል የሚስቱ እናት ለምን እንዲህ እንደፈለጉ፣ ሚስትም የባሏ እናት ለምን እንዲህ እንደፈለጉ፣ እነርሱ ራሳቸው ቢሰሙት «አዎ፣ እንዲህ ነው» በሚሉት መንገድ ያስረዱ። ሰው የገዛ እናቱን ፍላጎት ሲያስረዳ ጠበቃ ይሆናል፤ የሌላውን እናት ፍላጎት ሲያስረዳ ግን ለመረዳት ይገደዳል።

በምሳሌያችን ሚስት ልትደርስበት የሚገባው ነገር የሚከተለው ነው። የደብረ ማርቆሷ እናት 150 ሰው የሚጠሩት ለታይታ ላይሆን ይችላል። ለ30 ዓመት በየጎረቤቱ ሠርግና ክርስትና በልተዋል፣ እንጀራ ጋግረው ወስደዋል፣ በማኅበርና በእድር አብረው ኖረዋል፤ ያ ሁሉ በአካባቢው ዘንድ ብድር ነው። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ያንን ብድር የሚመልሱበት አጋጣሚ ነው፤ ልጃቸው ከተማ ስላገባ የሠርጉ ድግስም በደጃቸው አልተደገሰ ይሆናል። ባልም በበኩሉ የሚስቱ እናት ግቢያቸውን ያቀረቡት ልጃቸው አራስ ሆና በድግስ እንዳትደክም ፈርተው ሊሆን እንደሚችል ያስተውላል። ፍላጎቱ እንዲህ ሲታወቅ የሚመለሰው መልስ ይለወጣል፤ ብድር መመለስ የግድ በ80ኛው ቀን መሆን የለበትምና።

ከዚህ በኋላ ጉዳዮቹን በሦስት ክፈሏቸው። በመጀመሪያው ውስጥ የሚገባው ሁለታችሁም የማትለቁት ነው፤ ይህ ክፍል በጣም አጭር መሆን አለበት፤ ከሁለት ነገር ከበለጠ ምናልባት ከቤተሰብ ጋር ሳይሆን እርስ በርሳችሁ ያልጨረሳችሁት ነገር አለ። ሁለተኛው ልትደራደሩበት የምትችሉት ነው። ሦስተኛው ለቤተሰብ ሙሉ በሙሉ የምትለቁት ነው፤ ይህኛው ባዶ ከሆነ ውሳኔያችሁ ለአማቶች እንደ መባረር ይሰማቸዋል። በምሳሌያችን ባልና ሚስቱ የማይለቁት ቦታውንና የክርስትና እናት ምርጫን ነው። የሚደራደሩበት የተጠሪውን ቁጥር ሲሆን ከ60 እስከ 80 ድረስ ይሄዳሉ። የሚለቁት ደግሞ የምግቡን ዝርዝር፣ የድፎ ዳቦውን ጋጋሪ፣ ከየቤተሰቡ ማን ማን እንደሚጠራና የቤት ስም ማውጣትን ነው። የክርስትና ስሟን ካህኑ የሚሰጣት በመሆኑ እርሱ ከክርክሩ ውጭ ነው።

3. ምክንያቱን መምረጥ

የዚህ መመሪያ ዋና ነገር ይህ ክፍል ነው፤ ብዙ ባልና ሚስት በውሳኔያቸው ተስማምተው ሳለ የሚሸነፉት በምክንያታቸው ነው።

የመጀመሪያው የሚመጣላቸው ምክንያት ገንዘብ ነው። «አቅም የለንም» ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ሰው 600 ብር ቢያስቡ 60 ሰው 36,000 ብር፣ 150 ሰው ደግሞ 90,000 ብር ይጠይቃል። ሆኖም ገንዘብን ምክንያት ያደረገ ውሳኔ ገንዘብ ሲመጣ ይፈርሳል። በማግሥቱ የሚስት እህት ከአሜሪካ ደውላ «ወጪውን እኔ እችላለሁ» ትላለች፤ ወይም የባል አጎት አንድ በሬ እንደሚሰጡ ያስታውቃሉ። ያን ጊዜ ባልና ሚስቱ ሌላ ምክንያት ፍለጋ ይገባሉ፤ ሁለተኛው ምክንያት ሲነገር ደግሞ የመጀመሪያው ሰበብ እንደነበር ይቆጠራል።

ሁለተኛው የተለመደ ምክንያት የሚስት ድካምና የሥራ መመለሻ ቀኗ ነው። ይህም እውነት ነው፤ ከ10 ቀን በኋላ ሥራ የምትገባ እናት ከ80 ቀን ሕፃን ጋር የዓባይን በረሃ አቋርጣ መጓዝዋ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ይህን ምክንያት ለባል እናት የሚያቀርብ ሰው ከ«ተመካክረን» ወጥቶ «በእሷ ምክንያት» ውስጥ ገብቷል። ምራቲቱ ደካማ፣ ቅምጥል ወይም ለባሏ አገር ፍቅር የሌላት ተደርጋ ልትታይ ትችላለች። በሌላ በኩል «በእርስዎ ግቢ ከሆነ እናቴ ትቀየማለች» ብሎ ለሚስት እናት መንገር ነገሩን በሁለቱ አያቶች መካከል ያደርገዋል፤ ሁለቱ ሴቶች በክርስትናው ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ሌላዋን ከሳሽ ሆነው ያያሉ።

የሚበጀው ምክንያት ሦስት ፈተናዎችን የሚያልፍ ነው። አንደኛ፣ እንቅፋቱን ሌላ ሰው ቢያነሣላችሁም እውነት ሆኖ ይቀጥላል? ሁለተኛ፣ ውስጡ የአንዳችሁም ስም ወይም የአንዳችሁም ወገን አልተጠቀሰም? ሦስተኛ፣ ለሁለቱም ቤት ቃሉ ሳይለወጥ ሊነገር ይችላል? በምሳሌያችን እነዚህን የሚያልፈው «የመጀመሪያ ልጃችንን ክርስትና በምንኖርበት ቤት፣ እኛው ደግሰን ልናስነሣ ወስነናል» የሚለው ነው። ቦታው የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት ይሆናል፤ የማንም ወገን ደጅ አይደለም። ከአሜሪካ ገንዘብ ቢመጣ ምክንያቱ አይናወጥም፤ «እናመሰግናለን፣ ለልጅቷ ቁጠባ እናደርገዋለን» ብሎ መቀበል ይቻላል፤ ሰጪው ለድግስ ካልሆነ አልሰጥም ካለ ደግሞ ስጦታው ቅድመ ሁኔታ እንደነበረው ያን ጊዜ ይታወቃል። ለደብረ ማርቆስም ለአዲስ አበባም አንዲት ቃል ሳትጨመርበት ይነገራል።

ለክርስትና እናት ምርጫም እንዲሁ አንድ ምክንያት ያስፈልጋል። ሁለቱ ቤተሰቦች ካቀረቧቸው መካከል አንዷን መምረጥ ሌላዋን መጣል ስለሆነ ከሁለቱም ውጭ መሄድ ይቀላል። እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱ ይረዳል። የክርስትና እናት የምትመረጠው ለክብር ሳይሆን ሕፃኗን በሃይማኖት ለማሳደግ ኃላፊነት እንድትወስድ ነው፤ ራሷም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ መሆን አለባት፤ ከዚያ በኋላ በእርሷና በሕፃኗ ቤት መካከል የሚፈጠረው መንፈሳዊ ዝምድና ጋብቻን እስከ መከልከል የሚደርስ ነው። ስለዚህ «ልጅቷን በየጊዜው ወደ ቁርባን ልታደርሳት የምትችል፣ ቅርባችን የምትኖር ሴት መርጠናል» ማለት ትክክለኛ ምክንያት ነው፤ ለማንም ስድብ የለበትም። በአጥቢያችሁ ያለውን ሥርዓት ከንስሐ አባታችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ይህን ያላደረጉ ሰዎች በመጨረሻው ሳምንት የመረጧት ሴት ተቀባይነት አጥታ ሲሯሯጡ አይቻለሁ።

4. ማን ለማን ይናገር፣ መቼ ይናገር

ለእናቱ የሚናገረው ልጁ ነው፤ ለእናቷም የምትናገረው ልጅዋ ናት። ይህ ደንብ የሚታወቅ ነው፤ የሚረሳው ግን ምክንያቱ ነው። እናት ከልጇ የሰማችውን እምቢታ በጊዜ ትረሳዋለች፤ ከምራት የሰማችውን ግን በየበዓሉ ታነሣዋለች። ሚስት ከባሏ የተሻለ አንደበት ቢኖራትም እንኳ ለአማቷ ይህን መልእክት ልታደርስ አይገባም። እርሷ ከባሏ ንግግር በኋላ፣ በዚያው ቀን ለብቻዋ ደውላ ስለ ክርስትናው ሳትከራከር የአማቷን መምጣት እንደምትፈልግ ትንገራቸው፤ ባልም ለሚስቱ እናት እንዲሁ ያድርግ።

ለሁለቱም ቤት በአንድ ቀን ተናገሩ። ዜናው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በአክስት ወይም በታናሽ ወንድም በኩል ቀድሞ ከደረሰ፣ በኋላ የሚሰማው ወገን መጨረሻ ላይ የተነገረው እርሱ መሆኑን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አታሳውቁ፤ እናት በ25 ዘመድ ፊት እሺ ለማለት ይከብዳቸዋል፤ ለብቻቸው ቢሰሙ ግን ቅር ብሏቸውም ቢሆን ሊቀበሉ ይችሉ ነበር። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጎ ሚስት እንድትሰማ ማድረግም ሳይነገራቸው ከሆነ መታመንን ያጠፋል።

የባል ንግግር እንዲህ ሊሆን ይችላል። «እማዬ፣ እሑድ እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር። የልጃችንን ክርስትና በምንኖርበት ቤት፣ እኛው ደግሰን ልናስነሣ ወስነናል። ለአንቺ ብድርሽን መመለስ ትልቅ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ልጅቷን በስድስት ወሯ ይዘናት ደብረ ማርቆስ እንመጣለን፤ የዚያን ቀን ድግሱ ያንቺ ነው፤ የምትጠሪውን አንቺ ጥሪ። ለክርስትናው ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድመሽ ብትመጪ ድፎ ዳቦውን የምትጋግሪልን አንቺ ነሽ።» በዚህ ንግግር ውስጥ «ግን» የሚል ቃል የለም፤ ሚስትም፣ የሚስት እናትም አልተጠቀሱም፤ ፍላጎታቸው በስሙ ተጠርቷል፤ የተሰጣቸው ቀንና ሥራም እውነተኛ ነው። የሚስት ንግግር ለእናቷ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከዚህ ጋር አንድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የምትሰጣቸው ድርሻ ግን የተለየ ነው፤ የወጡንና የጠላውን ኃላፊነት ወስደው ግቢያቸው ለማዕድ ቤት ሥራ እንዲውል ትጠይቃቸዋለች። ግቢው ስለተፈለገ ያቀረቡት ነገር በከንቱ አልቀረም።

80ኛው ቀን በዐቢይ ጾም ውስጥ ከዋለ ነገሩ ይቀልላል። ጥምቀቱ በቀኑ ይፈጸምና ማዕዱ የጾም ይሆናል፤ የሥጋው ድግስ ከፋሲካ በኋላ በደብረ ማርቆስ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ የቀን መቁጠሪያው ከሽማግሌ የተሻለ ያስታርቃል።

5. ግፊቱ ሲመለስ

የመጀመሪያው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ነው፤ ከዚያ ግፊቱ በሌላ በር ይመጣል። ታላቅ እህት ትደውላለች፣ አጎት «እናትህ ሌሊቱን አልተኛችም» ይላሉ፣ ወይም እናት ራሳቸው «እሷ ናት የምትመራህ» ይላሉ። እዚህ ላይ ባል ሚስቱን መከላከል ከጀመረ ክርክሩ ስለ እሷ መሆኑን ተቀብሏል። «እማዬ፣ ውሳኔው የእኔም ነው፤ እኔም እንዲህ ነው የምፈልገው» ብሎ ወደ ራሱ መመለስ ይበቃል። ይህን ሲል ግን እውነት መሆን አለበት፤ በልቡ ሌላ ያሰበ ሰው ድምፁ ያጋልጠዋል፤ እናት ደግሞ የልጇን ድምፅ ታውቃለች።

በመካከል ለሚገባ ዘመድ ምክንያቱን እንደገና አትዘርዝሩ። «ለእማዬ ነግሬያታለሁ፤ የቀረ ነገር ካለ ከእሷ ጋር እንነጋገራለን» የሚለው በቂ ነው። ለእያንዳንዱ ደዋይ አዲስ ማብራሪያ የሚሰጥ ሰው ከሦስተኛው ደዋይ በኋላ የተለያዩ ሦስት ምክንያቶች ተናግሮ ይገኛል፤ ዘመዶች ደግሞ ያወዳድራሉ። ነገሩ በእውነት ከከረረና ሽማግሌ የሚያስፈልግ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም የሚያከብሯቸውን አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜም የንስሐ አባታቸውን፣ አብረው ሄደው ያነጋግሩ። አንዱ ለብቻው የሚልከው ሽማግሌ የአንድ ወገን መልእክተኛ ተደርጎ ይቆጠራል።

አንድነቱ ከውስጥ መሰንጠቅ መጀመሩን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ከቤተሰብ ጋር ሲያወራ ወደ ሌላ ክፍል የሚገባ፣ «ይህን ለእሷ እንዳትነግሯት» የሚል ወይም የተነገረውን ቆርጦ የሚያደርስ ሰው በድብቅ ሌላ ስምምነት እየያዘ ነው። በጣም የተለመደው ደግሞ ድብቅ ገንዘብ ነው። ባል እናቱን ለማለዘብ 20,000 ብር ተበድሮ ለደብረ ማርቆስ ድግስ ይልካል፤ ሚስት ከወር በኋላ ታውቃለች። እዚህ ላይ ሕጉም የሚለው አለው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በቤተሰባቸው አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደርም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ የአንድ ቀን አስቤዛ አይሸፍንም፤ ሕጉ ሊጠብቀው የፈለገው ነገር ግን አላረጀም። ይህን አንቀጽ ለአማት አታንብቡ፤ ለእናንተ ለሁለታችሁ ነው።

ከሁለታችሁ አንዱ ተጨናንቆ «እሺ» ብሎ ከተገኘ የሚስተካከለው በዚያው ሰው አንደበት ነው። ራሱ ደውሎ «ትናንት ሳንመካከር እሺ ብያለሁ፤ ያ የእኔ ስሕተት ነው፤ ውሳኔያችን የነገርኩሽ ነው» ይላል። ሌላው ደውሎ ካስተካከለው ስሕተቱ የመጀመሪያው ቢሆንም ጥፋተኛው ሁለተኛው ይሆናል።

6. አሠራሩ የማይበቃባቸው ሁኔታዎች

በወላጅ ግቢ ውስጥ በነፃ የሚኖሩ ወይም የቤት ኪራያቸው በወላጅ የሚከፈል ባልና ሚስት «በምንኖርበት ቤት፣ እኛው ደግሰን» የሚለውን ምክንያት ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ ቤቱም ድግሱም የእነርሱ አይደለምና። እነርሱ ውሳኔያቸውን ሊያሳንሱ ይገባል፤ ለምሳሌ የክርስትና እናት ምርጫን ብቻ ይዘው ቦታውንና ቁጥሩን ለባለ ቤቱ መልቀቅ ይሻላቸዋል። በጥገኝነት ላይ ሆኖ እንደ ራስ ገዝ መናገር በቤተሰቡ ዘንድ ውለታ ቢስነት ተደርጎ ነው የሚወሰደው፤ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋልም አይባልም።

አንድ ቃል መናገር ማለት አንዱ የሌላውን ቤተሰብ ማራቅ ማለትም አይደለም። «እናትህ እንዳትመጣ» ወይም «ከእህትሽ ጋር አትነጋገሪ» የሚል ውሳኔ የተመከረበት ቢመስልም በአብዛኛው የአንዱ ፍላጎት ነው። ይህን ለመለየት የሁለተኛው ክፍል ልምምድ ይረዳል፤ የሌላውን እናት ፍላጎት በቅንነት ማስረዳት ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ሰው ገና ለጋራ ውሳኔ አልተዘጋጀም። ችግረኛ ወላጅን መርዳትም ከዚህ ድርድር ውጭ ነው፤ የወላጅ ቀለብ በሕግም ያለ ግዴታ ስለሆነ ከድግስ ክርክር ጋር ሊቀላቀል፣ እንደ መያዣም ሊቆጠር አይገባም። ማስፈራራት፣ ድብደባ ወይም ሕፃኗን ወስዶ አለመመለስ ካለ ደግሞ ጉዳዩ የንግግር አመራረጥ ጉዳይ አይደለም፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው።

ክርስትናው ከተነሣ በኋላ ባለው ሳምንት ባልና ሚስቱ ደብረ ማርቆስ ደውለው የስድስት ወሩን ጉዞ ቀን ይቁረጡ፤ ዘመዶች የሚጠሩበት ጊዜ እንዲኖራቸው ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ይህን ጥሪ ሚስት ብትደውለው ይመረጣል፤ እምቢታውን ያደረሰው ልጅ ነበርና ግብዣውን የምታደርሰው ምራት ትሁን።